መፈተሻው «ትክክል ነው» ያለው የFAQPage ኮድ በፍለጋ ላይ ለምን አይታይም?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ላይ አነስተኛ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለን። ድረ ገጻችን ላይ በፒችትሪ የሽያጭ ኢንቮይስ እንዴት እንደሚሠራ በአማርኛ የሚያስተምር ገጽ አለ። ሰባቱን ደረጃዎች በHowTo፣ ከሥር ያሉትን ጥያቄዎች ደግሞ በFAQPage ኮድ አስገብቻለሁ። የጉግል መፈተሻ FAQ ትክክል ነው ይለኛል፣ HowToን ግን ጭራሽ አያነሳውም። ዩቲዩብ ላይ እንደተማርኩት ጥያቄዎቹ ከሊንካችን ሥር ተዘርግተው ይመጣሉ ብዬ ለወራት ብጠብቅም ምንም የለም። ኮዱን ሌሎቹ ገጾቻችን ላይም ለጥፌዋለሁ። ጥፋቴ የቱ ላይ ነው? ልሰርዘው ወይስ ላስተካክለው? የመጀመሪያውን ጥያቄ ኮድ አያይዣለሁ።

```json
{
  "@context": "https://schema.org",
  "@type": "FAQPage",
  "mainEntity": [{
    "@type": "Question",
    "name": "ኢንቮይሱ ላይ ቫቱ ለምን ዜሮ ሆኖ ይወጣል?",
    "acceptedAnswer": {
      "@type": "Answer",
      "text": "ይህንና ሌሎችንም በሥልጠናችን እንመልሳለን። ዛሬውኑ ይመዝገቡ።"
    }
  }]
}
```

ምላሽ፦

በኮድዎ ውስጥ መስተካከል ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ ጥያቄዎቹ በፍለጋ ላይ እንዳይታዩ ያደረጉት ግን እነሱ አይደሉም። ኮዱ አንድም እንከን ባይኖርበት ኖሮ እንኳ ውጤቱ ያው ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም ጉግል ይህን ማሳያ ለእንደ እርስዎ ዓይነት ድረ ገጾች ማቅረቡን ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሆነውን ነገር ላስረዳ፤ ከዚያ ወደ ኮድዎ እንመለሳለን፤ በኮዱ ውስጥ ያሉት ጥፋቶች አሁን ባይታዩም ሳይስተካከሉ ቢቀሩ አልወድም።

ጉግል ለFAQPage እና ለHowTo የተለየ ማሳያ መስጠት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ነበር። በዚያን ጊዜ ኮዱን በትክክል ያስገባ ማንኛውም ድረ ገጽ ጥያቄዎቹ ከሊንኩ ሥር ተዘርግተው ይታዩለት ስለነበር አንድ ድረ ገጽ ብቻውን የስልኩን ስክሪን ግማሽ ሊይዝ ይችል ነበር። ይህ ብዙዎችን አጓጓ፤ የሚጠይቀው ሰው የሌለ ጥያቄ ሁሉ በየገጹ ግርጌ መደርደር ጀመረ። በ2021 ጉግል በአንድ ውጤት ሥር የሚታዩትን ጥያቄዎች ቢበዛ ሁለት ብቻ እንዲሆኑ ወሰነ። ዋናው ለውጥ የመጣው ግን ኦገስት 8 ቀን 2023 ማለትም በእኛ ነሐሴ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የFAQ ማሳያ የሚፈቀደው በሰፊው ለሚታወቁና ተአማኒ ለሆኑ የመንግሥትና የጤና ድረ ገጾች ብቻ እንደሚሆን፣ የHowTo ማሳያ ደግሞ ከስልክ ላይ ጠፍቶ በኮምፒውተር ላይ ብቻ እንደሚቀር አስታወቀ። የHowTo ዕድሜ ከዚያም በላይ አልዘለቀም፤ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2023፣ መስከረም 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከኮምፒውተርም ተነሣ። መፈተሻው HowToን «ጭራሽ አያነሳውም» ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ኮዱ ስለተበላሸ አይደለም፤ መፈተሻው የሚዘረዝረው ጉግል አሁን በማሳያነት የሚቀበላቸውን ዓይነቶች ብቻ ስለሆነና HowTo ከዝርዝሩ ስለወጣ ነው።

የተመለከቱት የዩቲዩብ ትምህርት የተቀረጸው ከእነዚህ ቀኖች በፊት ይመስለኛል። አስተማሪው በጊዜው ያሳየው እውነት ነበር፤ ነገሩ ተለወጠና ቪዲዮው ባለበት ቀረ። ስለዚህ በዚህ ርእስ ላይ የሚያዩትን ማንኛውንም ትምህርት ከመከተልዎ በፊት የተጫነበትን ቀን ይመልከቱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን አንድ ነገር ለይቼ ላስቀምጥ። በፍለጋ ውጤቶች መካከል ሲነኳቸው የሚከፈቱ ተዛማጅ ጥያቄዎች የሚደረደሩበት ሳጥን ዛሬም አለ። ይህን ያየ ሰው «ታዲያ የእነዚያ ጥያቄዎች እንዴት ታየላቸው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ሳጥን ከማንም ድረ ገጽ FAQPage ኮድ የሚመጣ አይደለም፤ ጥያቄዎቹን የሚመርጠው ራሱ ጉግል ሲሆን መልሱን የሚወስደውም በገጾቹ ላይ ለአንባቢ ከሚታየው ጽሑፍ ነው። በውጤቶቹ አናት ላይ በሣጥን ተለይቶ የሚወጣው አጭር መልስም እንዲሁ ነው፤ የሚመረጠው ከሚታየው ጽሑፍ ነው እንጂ ለእርሱ ተብሎ የሚጻፍ ኮድ የለም። ይህን ልዩነት ይያዙልኝ፤ በኋላ ጉልበትዎን ወዴት ማዞር እንዳለብዎ የሚወስነው እርሱ ነው።

አሁን ስለ መፈተሻው። `Rich Results Test` «ትክክል ነው» ሲል ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚነግርዎ፦ አንደኛ፣ ኮዱ እንደ ጄሰን ሊነበብ መቻሉን፤ ሁለተኛ፣ ለዚያ ዓይነት ማሳያ የሚያስፈልጉት መስኮች መሟላታቸውን፣ ማለትም ጥያቄው `name`፣ መልሱም `acceptedAnswer` እና በውስጡ `text` ያለው መሆኑን። ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም ጉግል ማሳያውን ለእርስዎ ድረ ገጽ በእርግጥ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚለው፣ በመፈተሻው የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። የድረ ገጹ ዓይነት፣ የተፈለገው ቃል፣ ፈላጊው የሚጠቀምበት መሣሪያ ሁሉ ውሳኔው ውስጥ ይገባሉ፤ ማሳያው ለሁሉም ክፍት በነበረበት ዘመንም ቢሆን ትክክለኛ ኮድ ለመታየት ብቁ ያደርግ ነበር እንጂ መታየትን አያረጋግጥም ነበር። እንዲሁም መፈተሻው በኮዱ ውስጥ ያለው መልስ በገጹ ላይ ካለው መልስ ጋር አንድ መሆኑን አያመሳክርም። የእርስዎ ዋናው እንከን ያለው ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ነው።

ያያያዙትን ኮድ እንመልከተው። ጥያቄው እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ፒችትሪን የሚማር ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነው። መልሱ ግን መልስ አይደለም፤ የምዝገባ ማስታወቂያ ነው። በጉግል መመሪያ መሠረት FAQPage ለማስታወቂያ ዓላማ ሊውል አይገባም፤ ጥያቄውም መልሱም ሙሉ በሙሉ በኮዱ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው፤ በኮዱ ያለው ይዘትም በገጹ ላይ ለጎብኚው መታየት አለበት። መልሱ ሲነኩት በሚከፈት ክፍል ውስጥ ቢደበቅ ችግር የለውም፤ አንባቢው ሊደርስበት እስከቻለ ድረስ እንደታየ ይቆጠራል። በገጹ ላይ አንድ ነገር ጽፎ በኮዱ ውስጥ ሌላ ማስቀመጥ ግን ማሳሳት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በጉግል ሠራተኞች ዓይን ከገባ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው በሰርች ኮንሶል ውስጥ `Manual actions` በሚለው ክፍል የእርምጃ ማስታወቂያ ይመጣል። የእርምጃው ውጤት ገጹ በማንኛውም የስኪማ ማለትም እንደ FAQPage ያለ ገጹን ለፍለጋ ሞተር የሚገልጽ ኮድ ማሳያ እንዳይታይ መደረግ ነው፤ ገጹ በፍለጋ ውጤት ውስጥ የሚይዘውን ደረጃ አይነካም። ለእርስዎ FAQ ድሮውንም ስለማይታይ የሚጎዳ ነገር የለም ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን በዚያው ገጽ ላይ ነገ የቪዲዮ ወይም የሌላ ዓይነት ስኪማ ሲያስገቡ እርሱም አብሮ ይታገዳል። ስለዚህ ሰርች ኮንሶልን ከፍተው ያ ክፍል ባዶ መሆኑን ዛሬውኑ ያረጋግጡ።

የጥያቄው ትክክለኛ መልስ ምን እንደሆነ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ለምሳሌ እንዲሆነን ግን ላስቀምጠው። በፒችትሪ `Tasks` ከሚለው ዝርዝር `Sales/Invoicing` ተከፍቶ ኢንቮይስ ሲሠራ ቫቱ ዜሮ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው፦ ወይ `Sales Tax Code` አልተመረጠም፣ ወይም በዕቃው መስመር ላይ `Tax` በሚለው ዓምድ ከታክስ ነፃ የሚለው ቁጥር ገብቷል። ይህ መልስ በመጀመሪያ በገጹ ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ በኮዱ ውስጥ ያው ጽሑፍ ይግባ፦

```json
"acceptedAnswer": {
  "@type": "Answer",
  "text": "ወይ Sales Tax Code አልተመረጠም፣ ወይም በዕቃው መስመር የTax ዓምድ ላይ ከታክስ ነፃ የሚለው ቁጥር ገብቷል። ኮዱን መርጠው፣ ዓምዱን ወደ 1 ቀይረው የ15% ቫቱ ስሌት መምጣቱን ይመልከቱ።"
}
```

ስለ ምዝገባው መናገር ከፈለጉ ከገጹ ግርጌ በግልጽ ይጻፉት፤ እዚያ ማንም አይከለክልዎትም። በኮዱ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ኮዱን ሲያስተካክሉ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። መልሱን ወርድ ላይ ጽፈው ወደ ኮዱ ከገለበጡት ወርድ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ጎባጣው ይለውጠዋል። ጎባጣው ምልክት በመልሱ ጽሑፍ መካከል ቢገባ ችግር የለም፤ የመስኩን ስም ወይም የጽሑፉን ጫፍ የሚያቅፈውን ቀጥ ያለ ምልክት ከተካ ግን ጠቅላላ ኮዱ ይሰበራል፤ ሰርች ኮንሶልም `Unparsable structured data` በሚለው ክፍል ይመዘግበዋል። በተቃራኒው ደግሞ በመልሱ መካከል ቀጥ ያለ የጥቅስ ምልክት ካስገቡ ጄሰኑ ጽሑፉ እዚያ ያለቀ ስለሚመስለው ይሰበራል። በአማርኛ ስንጽፍ በመልሱ ውስጥ ጥቅስ ቢያስፈልግ «» የሚለውን የራሳችንን ምልክት መጠቀም ከዚህ ሁሉ ያድናል። ፊደሉ ራሱ ግን ምንም አያሰጋዎ፤ ገጹ በ`UTF-8` እስከተቀመጠ ድረስ የግእዝ ፊደል በኮድ ውስጥ ያለ ችግር ይነበባል፤ አንዳንድ ፕለጊን ፊደሉን በ`\u` የሚጀምሩ ቁጥሮች አድርጎ ቢያስቀምጠውም ትርጉሙ ያው ነው።

ኮዱን ሌሎቹ ገጾች ላይ መለጠፍዎ ሁለተኛው እንከን ነው። የጉግል መመሪያ ስለዚህ ግልጽ ነው፦ አንድ ዓይነት ጥያቄና መልስ በበርካታ ገጾች ላይ የሚደጋገም ከሆነ በድረ ገጹ ሙሉ ኮዱ የሚገባው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ስለ ኢንቮይስ የሚጠይቅ ኮድ ስለ ደመወዝ መክፈያ ወይም ስለ ኤክሴል በሚያስተምር ገጽ ላይ ሲገኝ የሚታየው ጽሑፍና ኮዱ ጭራሽ አይገናኙም። ስለዚህ ከሌሎቹ ገጾች ላይ ያንሱትና ጥያቄው በእርግጥ በሚመለስበት በዚያው በአንዱ ገጽ ላይ ይተዉት። በዚህ ነጥብ ላይ ማመንታት አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ ከገጹ ሥር ተማሪዎች ራሳቸው ጥያቄ የሚጽፉበትና ሌሎች የሚመልሱበት ቦታ ካለ፣ ያንን በFAQPage ውስጥ አያካትቱት። FAQPage የድረ ገጹ ባለቤት ብቻ የጻፈው አንድ መልስ ላለው ጥያቄ ነው። አንድ ጥያቄ ቀርቦ ጎብኚዎች የተለያየ መልስ ለሚሰጡበት ገጽ `QAPage` የሚባል ሌላ ዓይነት አለ።

«ልሰርዘው ወይስ ላስተካክለው?» ላሉት የእኔ አስተያየት ለሁለቱ ኮዶች የተለያየ ነው። ጉግል ራሱ ለውጡን ሲያስታውቅ ባለድረ ገጾች ኮዱን እንዲያነሡ አላስገደደም፤ ጥቅም ላይ ያልዋለ ስኪማ በፍለጋ ላይ ችግር አያመጣም፣ የሚታይ ውጤትም የለውም ብሏል። ስለዚህ «ካልሰረዝኩ ደረጃዬ ይወርዳል» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ «ከተውኩት ደረጃዬ ይጨምራል» የሚለው ተስፋም እንዲሁ። ውሳኔው ያለው የጥገና ድካሙ ላይ ነው።

HowToውን በእጅዎ ጽፈውት ከሆነ ይሰርዙት። ምክንያቴ ይህ ነው፦ ሰባቱ ደረጃዎች አሁን በሁለት ቦታ ተጽፈዋል፤ አንዱ ለአንባቢ የሚታየው፣ ሌላው በኮዱ ውስጥ ያለው። ነገ ወደ ሌላ የሶፍትዌሩ ዕትም ቢዞሩና የሜኑው ስም ቢለወጥ፣ ወይም አንድ ተማሪ ደረጃ አራት ላይ የጎደለ ነገር ቢያሳይዎት፣ የሚያስተካክሉት የሚታየውን ነው። የማይታየውን ማንም ስለማያነበው ማንም አያስታውሰውም፤ ከጊዜ በኋላ ኮዱና ገጹ የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ይህንን ድካም የሚያካክስ ማሳያ በጉግል ላይ የለም። ደረጃዎቹን የሚያወጣልዎ ፕለጊን ከሆነና ኮዱን በቀጥታ ከሚታየው ጽሑፍ እየወሰደ የሚሠራው ከሆነ ግን አንዱ ሲስተካከል ሌላው አብሮ ስለሚስተካከል እንዳለ ቢተዉት አይጎዳም።

FAQPageውን በተመለከተ፣ በአንዱ ገጽ ላይ ከላይ ባሳየሁት መንገድ አስተካክለው ማቆየት ይችላሉ። FAQPageም HowToም ስኪማ ዶት ኦርግ በሚባለው የጋራ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያሉ ዓይነቶች ናቸው፤ መዝገበ ቃላቱን በ2011 ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ያሁ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን ያንዴክስም በዚያው ዓመት ተቀላቅሎታል። ጉግል ማሳያውን ማንሣቱ ዓይነቶቹን ከመዝገቡ አላወጣቸውም። ስለዚህ የገጹን ጥያቄና መልስ በእውነት የሚገልጽ ትንሽ ኮድ ሌላ አንባቢ ሶፍትዌር ሊጠቀምበት ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ተስፋ አድርገው ለእያንዳንዱ ገጽ አዲስ ኮድ ለመጻፍ ሰዓት አያባክኑ። በጉግል ላይ ማሳያ ያላቸውንም የሌላቸውንም ዓይነቶች ለመፈተሽ ከፈለጉ `validator.schema.org` የሚለው መፈተሻ HowToንም ያነባል፤ እርሱ የሚመለከተው የኮዱን ቋንቋ ብቻ ስለሆነ ነው።

ድረ ገጹ በዎርድፕረስ የተሠራ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ይፈትሹ። እንደ ዮስት ያሉ ፕለጊኖች ለጥያቄና መልስ የተዘጋጀ ብሎክ አላቸው፤ በዚያ ብሎክ ከጻፉ FAQPageን ራሳቸው ያወጡታል። እርስዎ ደግሞ በእጅዎ ሌላ ከጨመሩ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት FAQPage ይኖራል፤ ሰርች ኮንሶልም `Duplicate field "FAQPage"` ብሎ ስሕተት ሊያወጣ ይችላል። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ገጹን በኮምፒውተር ከፍተው `Ctrl+U` ይጫኑና በሚወጣው ኮድ ውስጥ `FAQPage` የሚለውን ቃል ይፈልጉ። በሁለት የተለያዩ `application/ld+json` ክፍሎች ውስጥ ካገኙት በእጅ የጻፉትን ያንሱ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። እርስዎ የፈለጉት ኮድ አልነበረም፤ የፈለጉት የኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ወይም የደሴ ሱቅ ውስጥ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ኢንቮይሱ ላይ ቫት ዜሮ ሲመጣበት ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ ገጽዎን እንዲያገኝ ነው። ለዚህ ዛሬ የሚሠራው የሚታየው ጽሑፍ ነው። ከላይ እንዳልኩት በሣጥን የሚወጣው አጭር መልስም ሆነ ተዛማጅ ጥያቄዎቹ የሚቀዱት ከዚያ ነው፤ እርሱ ባይሆን እንኳ ተራው ሊንክ ከፍ ብሎ እንዲወጣ የሚያግዘው እርሱው ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ሰው በሚጠይቅበት አነጋገር ርእስ ያድርጉት፤ ከሥሩ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱ ራሱ ይሁን። ብዙ የአማርኛ ትምህርት ገጾች «ቫት ማለት የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሆን…» ብለው ከትርጉም ይጀምሩና መልሱ ከአራት አንቀጽ በኋላ ይመጣል። ትርጉሙ ያስፈልጋል፤ ቦታው ግን ከመልሱ በኋላ ነው። በገጹ ላይ እንዲህ ይሁን፦

```html
<h2>ኢንቮይሱ ላይ ቫቱ ለምን ዜሮ ሆኖ ይወጣል?</h2>
<p>ወይ Sales Tax Code አልተመረጠም፣ ወይም በዕቃው መስመር
የTax ዓምድ ላይ ከታክስ ነፃ የሚለው ቁጥር ገብቷል። ኮዱን መርጠው፣ ዓምዱን ወደ 1 ቀይረው
የ15% ቫቱ ስሌት መምጣቱን ይመልከቱ።</p>
```

ሰባቱ ደረጃዎችም እንዲሁ ናቸው። ደረጃዎቹን በምስል ላይ ጽፈው ካስቀመጡ፣ ወይም «1.» «2.» እያሉ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ካያያዟቸው፣ በእውነተኛ የቁጥር ዝርዝር ማለትም በ`<ol>` ውስጥ ያድርጓቸው፤ እያንዳንዱ ደረጃም የሚነካውን ነገር ስም በስክሪኑ ላይ እንደሚነበብ ይያዝ። የእኛ ሰው ሲፈልግ አማርኛውንና የሶፍትዌሩን ስም ቀላቅሎ ነው የሚጽፈው፤ አንዱ «የሽያጭ ኢንቮይስ አሠራር» ይላል፣ ሌላው `peachtree sales invoice` ብሎ አማርኛ የሚለውን ቃል ይጨምርበታል። የሜኑው ስም በላቲን ፊደል፣ ማብራሪያው በአማርኛ ሆኖ በአንድ ደረጃ ውስጥ ሲገኝ ገጹ ለሁለቱም ፈላጊ ይሆናል። ስሙን በአማርኛ ፊደል ብቻ መጻፍ ለአንባቢውም ችግር ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚፈልገው የላቲኑን ስለሆነ።

ደረጃዎቹን በቪዲዮ ቀርጸው ዩቲዩብ ላይ ካስቀመጡ በቪዲዮው መግለጫ ውስጥ ደቂቃዎቹን ከነስማቸው ይዘርዝሩ፤ በፍለጋ ላይ በቪዲዮው ሥር የሚታዩት ቁልፍ ክፍሎች ከእነዚያ ሊወሰዱ ይችላሉ። HowTo ሲሰጥ ከነበረው ጋር የሚቀራረብና ዛሬም የሚሠራ ነገር ካለ ይህ ነው።

የመጨረሻው፣ ለውጡን የሚለኩበት መንገድ ነው። በራስዎ ስልክ ደጋግሞ መፈለግ አያስተማምንም፤ የፍለጋ ውጤት እንደ ቦታውና እንደ ፈላጊው ይለያያል። በሰርች ኮንሶል `Performance` ውስጥ ገብተው በ`Page` ማጣሪያ የዚህን ገጽ አድራሻ ብቻ ይምረጡ፤ ከዚያ `Queries` በሚለው ሥር ሰዎች ምን ብለው ፈልገው ገጹ እንደታየላቸው ያነባሉ። በዚያው ቦታ `Search appearance` የሚል ዝርዝር አለ፤ በዚያ ውስጥ የሚወጣው ድረ ገጽዎ በእርግጥ የታየባቸው ልዩ ማሳያዎች ብቻ ናቸው። FAQ የሚል መስመር ከሌለ ማሳያው አልተሰጠም ማለት ነው፤ መፈተሻው ምንም ቢል የሚታመነው ይህኛው ነው።

ማስተካከያውን ጨርሰው በ`URL Inspection` ገጹ ዳግም እንዲነበብ ይጠይቁ፤ ቀኑንም ይመዝግቡ። ከአራት ሳምንት በኋላ በ`Performance` ውስጥ ከዚያ ቀን በፊት ያለውን አራት ሳምንትና በኋላ ያለውን አራት ሳምንት በ`Compare` ያስተያዩ። መመልከት ያለብዎት የጠቅላላውን ጠቅታ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ቫትንና ዜሮን የሚመለከቱ ፍለጋዎች በ`Queries` ውስጥ አዲስ መግባታቸውንና አማካይ ቦታቸው መሻሻሉን ይመልከቱ። ገጹ ለእነዚያ ፍለጋዎች ብዙ ጊዜ እየታየ ጥቂት ብቻ ከተነካ የሚቀጥለው ሥራዎ የገጹ `<title>` ላይ ነው፤ አሁን ያለው ርእስ የማሠልጠኛውን ስም ካስቀደመ ችግሩን ያስቀድሙ፣ ስሙ በመጨረሻ ይከተል።